ደረሰኝና ስቴትመንት ጎን ለጎን

ዋርድ ውስጥ ያልተጻፈ መድኃኒት እንዳልተሰጠ ይቆጠር ነበር። የብድር ክፍያም እንደዚያው ነው። በቅርቡ የብድሬን ስቴትመንት አስወጥቼ ደረሰኞቼን በቀን፣ በመጠንና በቁጥር አንድ በአንድ አመሳከርሁ። የጥር ወር 5,000 ብር የለም፤ በቦታው የቅጣት ወለድ ተጽፏል። ለካ ገንዘቡ ቁጠባ ሒሳቤ ውስጥ ገብቶ ኖሯል!

ደረሰኙን ሳሳይ ገንዘቡን በዕለቱ ቀን ወደ ብድሩ ሊያዛውሩልኝ ነበር። እንዲህ ከሆነ ግን ቅጣቱ አይነሳም። «በከፈልሁበት ቀን ይመዝገብልኝ» አልሁ። ከክፍያው 3,750 ብር ከዋናው ዕዳ መቀነስ ነበረበት፤ ሳይቀነስ በመቆየቱ፣ በዓመት 15 በመቶ ሲሰላ፣ በየወሩ 47 ብር ገደማ ትርፍ ወለድ ታስቦብኛል። እሱም ከቅጣቱ ጋር ተመለሰልኝ። እናንተም ከእርማቱ በኋላ አዲስ ስቴትመንት ሳትቀበሉ ከመስኮቱ አትነሱ።