ባዶ ጠርሙሱ ለምን በዛ? ስለ ክሪያቲንና ሆሞሲስቲን አንድ እርማት

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፣ ጊዜ ሲኖራችሁ አንብቡት። የምጽፈው ለአንድ ተማሪዬ የተሳሳተ መልስ ስለሰጠሁ ነው። ያንን መልስ ሌሎችም ከጂም ጓደኞቻቸው እየሰሙት እንደሆነ አይቻለሁ።

ኬሚስትሪ ያስተማርኩት ልጅ ነው፣ አሁን ሜሪላንድ ይኖራል። በውስጥ መስመር እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «ቲቸር፣ ደም ተመርምሬ ሆሞሲስቲንህ 21 ነው፣ ከፍ ብሏል አሉኝ። ቢ12ም ዝቅ ብሏል ተብሎ መድኃኒት ታዞልኛል። ጂም አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ግን ክሪያቲን ብቻ ውሰድ፣ እሱ ያወርደዋል ይላል። እውነት ነው እንዴ?» ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ከተወ ሦስት ዓመት አልፎታል። እኔም ብዙ ሳላስብ «በኬሚስትሪው ትክክል ነው» ብዬ መለስኩለት። እሱም ቢ12ቱን አስቀምጦ ዱቄቱን ገዛ።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ላስረዳ፤ ሐሳቡ ባዶ አይደለም።

ክሪያቲንን ሰውነታችን ራሱ ይሠራዋል። ኩላሊት አርጂኒንና ግላይሲን ከሚባሉ ሁለት አሚኖ አሲዶች ጓኒዲኖአሴቴት የሚባል ነገር ያዘጋጃል። ጉበት ደግሞ በዚያ ላይ አንድ ሚታይል ግሩፕ፣ ማለትም CH3፣ ይጨምርበትና ክሪያቲን ያደርገዋል። ያ ሚታይል የሚመጣው ሜታዮኒን ከሚባለው አሚኖ አሲድ ነው። ሜታዮኒን ሚታይሉን ከሰጠ በኋላ የሚቀረው ሆሞሲስቲን ነው።

ሱቅ ያለው ሰው ይሄን ቶሎ ይገባዋል። ሜታዮኒን ሙሉ የለስላሳ ጠርሙስ ነው፣ ሚታይሉ መጠጡ፣ ሆሞሲስቲን ደግሞ ባዶው ጠርሙስ። ባዶው አይጣልም፣ መኪናው መጥቶ ወስዶ ሞልቶ ይመልሰዋል። የዚያ መኪና ሾፌሮች ፎሌትና ቢ12 ናቸው፤ አንዱ ከጎደለ መኪናው አይንቀሳቀስም። ጉበትና ኩላሊት ውስጥ ቤታይን በሚባል ነገር የሚሠራ ሌላ ትንሽ መኪናም አለ። ከባዶዎቹ የተወሰኑት ደግሞ በቢ6 እርዳታ ወደ ሌላ አሚኖ አሲድ ይቀየራሉ።

አሁን ሒሳቡን እዩት። 70 ኪሎ የሚመዝን ወንድ በቀን ወደ 2 ግራም ክሪያቲን ያጣል፤ ተለውጦ ክሪያቲኒን ሆኖ በሽንት ይወጣል። ሥጋ የሚበላ ሰው ግማሽ ያህሉን ከምግብ ይተካል። የማይበላው ግን ሁሉንም ራሱ መሥራት አለበት። 2 ግራም ማለት 15,000 ማይክሮሞል ገደማ ነው፣ ለእያንዳንዱ ሞለኪውል አንድ ባዶ ጠርሙስ ይወጣል። የተማሪዬ 21 ግን በአንድ ሊትር ደም 21 ማይክሮሞል ነው፤ ብዙ ላቦራቶሪዎች እስከ 15 ያለውን ደህና ይሉታል። ደም ውስጥ የምንለካው እንግዲህ በቀን ከሚዞረው ብዛት አንጻር እጅግ ትንሹን፣ በር ላይ የቀረውን ጠርሙስ ነው።

ተመራማሪዎች ስለ ሚታይል በጀት የሚጠይቁት ከዚህ ተነስተው ነው። ክሪያቲን መሥራት ከሱቁ ትልልቅ ደንበኞች አንዱ ነው። ድሮ ብቻውን አብዛኛውን ሚታይል ይወስዳል ተብሎ ይገመት ነበር። በ2006 የካናዳ ተመራማሪዎች እንደገና አስልተው ድርሻውን ወደ 40 በመቶ አውርደውታል። እንዲያም ሆኖ ብዙ ነው። ታዲያ ክሪያቲንን ከውጭ ብንወስድ ያ ደንበኛ የራሱን መጠጥ ይዞ መጣ ማለት አይደል? ባዶው መቀነስ አለበት።

በአይጦች ላይ ሠርቷል። በ2001 የታተመ የካናዳ ጥናት ላይ ክሪያቲን የበሉት አይጦች ሆሞሲስቲን ወደ 25 በመቶ ወረደ። ጓኒዲኖአሴቴት የተሰጣቸው፣ ማለትም ሚታይል ገና የሚጠይቀውን ጥሬ ዕቃ የበሉት፣ ወደ 50 በመቶ ጨመረባቸው። የሚያምር ውጤት ነው። እኔ የመለስኩት እዚህ ላይ ቆሜ ነው።

ሰው ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ተበላሸ። ባንግላዴሽ ውስጥ አርሰኒክ ያለበት ውኃ የሚጠጡ ሰዎች በቀን 3 ግራም ክሪያቲን ለ12 ሳምንት ወሰዱ። ቦታው የተመረጠው ሰውነት አርሰኒክን የሚያስወግደው ሚታይል እየጨመረበት ስለሆነ ነው። በ2015 በታተመው ውጤት ጓኒዲኖአሴቴታቸው ቀንሷል፤ ጉበት የሚጨርሰው ሥራ ቀለለ ማለት ነው። ሆሞሲስቲናቸው ግን አልወረደም። በዚያው ሙከራ ፎሊክ አሲድ የወሰዱት ግን ወረደላቸው። እንስሳት ተዋጽኦ በማይበሉ ሰዎች ላይ ብራዚል ውስጥ የተሠራ አንድ አነስተኛ ጥናት ደግሞ ክሪያቲን ሆሞሲስቲናቸው ከፍ ያለውን እንዳወረደ አሳይቷል። ስለዚህ «ምንም አይሠራም» ማለትም አልችልም።

ታዲያ ሒሳቡ ለምን አልሠራም? ምክንያቱ፣ እንደኔ አመለካከት፣ በጀት የሚለው ቃል ራሱ ስለሚያሳስት ይመስለኛል። በወረቀት ላይ ያለ በጀት አንዱን ወጪ ስትቀንሱ ቀሪው ይጨምራል። ሱቁ ግን ሕያው ነው። ሙሉ ጠርሙስ ሲበዛ ባለሱቁ «ለጊዜው አታምጡልኝ» ይላል። ሰውነትም እንደዚያው ነው፤ ሚታይል ተሸካሚው ሲበዛ የፎሌቱን መንገድ የሚያዘጋጀውን ኤንዛይም ያቀዘቅዘዋል። የተረፈው ሚታይል እንደ ቁጠባ አይቀመጥም፣ ትዕዛዙ ይቀነሳል።

ከዚህ በላይ ደግሞ የተማሪዬ ችግር የደንበኛ መብዛት አልነበረም። መኪናው ነው ያልመጣው፤ ቢ12ቱ ዝቅ ብሏል ተብሎ ተነግሮታል እኮ! ይሄን ያላየሁት እኔ ነኝ። ሁለተኛ ስደውልለት «እግሬ ጫፍ ላይ እንደ መደንዘዝ ይለኛል፣ ከጂሙ መስሎኝ ነው» አለኝ። ደነገጥኩ። የቢ12 እጥረት ነርቭ ይጎዳል፣ ከቆየ ደግሞ ላይመለስ ይችላል። ክሪያቲን ሆሞሲስቲኑን ትንሽ ቢያወርድለት እንኳ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ያምር ነበር፣ ነርቩ ግን ያው ይራብ ነበር። «ዛሬውኑ ቢ12ቱን ጀምር፣ ስለ እግርህም ለሐኪምህ ንገራት» አልኩት። ጀመረ። ከሦስት ወር በኋላ 11 ብሎ ላከልኝ። መደንዘዙ ቀንሷል፣ ጨርሶ ግን አልጠፋም።

ቁጥሩን ማውረድ በራሱ ግብ እንዳልሆነም ይታወቅ። በ2006 የወጣው ሆፕ-2 የሚባል ትልቅ ጥናት ላይ ቢ ቪታሚኖች ሆሞሲስቲንን አውርደዋል፣ የልብ ድካምን ግን አልቀነሱም። «ክሪያቲን ሆሞሲስቲን ስለሚያወርድ ልብ ይጠብቃል» የሚላችሁ ሻጭ ሁለት ያልተረጋገጡ ነገሮችን ነው አያይዞ የሚሸጥላችሁ።

የምትጾሙ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። ጉበት ቢ12ን ለረጅም ጊዜ ያከማቻል። ሁለት ወር ጾሞ ወደ ሥጋና ወተት የሚመለስ ሰው ዓመታት ሙሉ ከማይቀምሰው ጋር አንድ አይደለም።

ክሪያቲን አትውሰዱ እያልኩ አይደለም። ለጡንቻ የምትወስዱት ከሆነ ለጡንቻ ውሰዱት። ሆሞሲስቲናችሁ ከፍ ካለ ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማን ጠጣው?» ሳይሆን «መኪናው ለምን ቀረ?» ነው። ቢ12ና ፎሌት ይታዩ፣ ኩላሊትም ይታይ፤ ኩላሊት ሲደክምም ይጨምራልና።

ልጁ ስሙን ካልጠራሁ እንድጽፈው ፈቅዶልኛል። ስህተቱ የኔ ነው፣ ደንዝዞ የቆየው ግን የሱ እግር ነው። እናንተስ ከጂም ምን ተብላችኋል? ከታች ጻፉልኝ።