ዘጠኝ ጥያቄ መልስ አይደለም፤ ደጅ ማስጠናት ነው

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ልማድ ሥር እየሰደደ ነው። ባለጉዳይ ጥያቄ ይዞ ሲመጣ እንደ ድሮው «ነገ ተመለስ» አይባልም። «ጥያቄህ ግልጽ አይደለም» ይባልና በምላሹ የጥያቄ መዓት ይሸከማል። ላይ ላዩን ሲያዩት ጥንቃቄ ይመስላል። ውጤቱ ግን ከ«ነገ ተመለስ» አይለይም። ሰውየው እንደመጣ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ከዚሁ ከባሕር ዳር አንድ ምሳሌ ልውሰድ። አንድ ሰው ለሚመለከተው ክፍል «የጣና በለስ ፕሮጀክት የት ደረሰ?» ብሎ ይጽፋል። የሚመጣለት ምላሽ ምን ይመስላል? የትኛው ፕሮጀክት? የትኛው ምዕራፍ? በየትኛው ወረዳ? ከመቼ እስከ መቼ ያለው? በማን የተሠራው? አፈጻጸሙ ነው በጀቱ? መረጃው ለምን ተፈለገ? ማን ላከህ? ደብዳቤ አለህ? ዘጠኝ ጥያቄ። ጠያቂው የሦስቱን መልስ ቢያውቅ ትልቅ ነገር ነው። ሁሉንም ቢያውቅማ ለምን ይጠይቃል?

ስሙ አሻሚ መሆኑን ማንም አይክድም። ጣና በለስ ሲባል ቢያንስ ሦስት ነገር ይመጣል። አንደኛው ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ በደርግ ዘመን፣ በጣሊያን መንግሥት ገንዘብ፣ በመተከል ፓዌ ላይ የተካሄደው የሰፈራና የእርሻ ልማት ነው። ሁለተኛው በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው፣ የጣናን ውሃ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ እያወረደ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ጣቢያ ነው። ሦስተኛው ጃዊ አካባቢ የተጀመረው፣ የፋብሪካው ግንባታ ለሜቴክ ተሰጥቶ ለዓመታት የተጓተተው የስኳር ልማት ነው።

አሁን እነዚያን ዘጠኝ ጥያቄዎች መለስ ብላችሁ እዩአቸው። «በማን የተሠራው?» የሚለው ምን ይለያል? ጠያቂው «ጣሊያኖች የሠሩት» ብሎ ቢመልስ የፓዌውንም የኃይል ማመንጫውንም የሠራው ያው ሳሊኒ የተባለ የጣሊያን ኩባንያ ነው። «በለስ ወንዝ ላይ ያለው» ብሎ ቢመልስስ? ከማመንጫው የሚወጣው ውሃ የሚገባው በለስ ውስጥ ነው፤ ሸንኮራውም የሚለማው በበለስ ውሃ ነው። እንግዲህ ሰውየው ተቸግሮ፣ ጠይቆ፣ አጣርቶ ሁለቱን ቢመልስም መላሹ ከተነሣበት ፈቀቅ አላለም። ጥያቄዎቹ ብዙ ናቸው እንጂ አይለዩም።

በምትኩ እንዲህ ቢጻፍለትስ? «ጣና በለስ የሚባሉት ሦስት ናቸው። የፓዌው የሰፈራ ፕሮጀክት ከሆነ ደርግ ከወደቀ በኋላ ተቋርጧል። የኃይል ማመንጫው ከሆነ ከ2002 ጀምሮ ሥራ ላይ ነው፤ የማመንጨት አቅሙም 460 ሜጋ ዋት ነው። የስኳሩ ከሆነ ጉዳዩ በእኛ ሥር አይደለም፤ የስኳር ልማቱን የያዘውን መሥሪያ ቤት ይጠይቁ። ከሦስቱ ውጭ ከሆነ በአንድ መስመር ይግለጹልን።» አለቀ። የፓዌውን የፈለገ መልሱን አግኝቷል፤ ዳግመኛ መጻፍ አያስፈልገውም። የስኳሩን የፈለገ የት እንደሚሄድ አውቋል። ዝርዝር የሚፈልግም «ሁለተኛው» ብሎ ይመልሳል፤ አንድ ቃል ይበቃዋል።

ልዩነቱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ስሙ ሦስት ነገር መሆኑን የሚያውቀው መላሹ ነው፣ ጠያቂው አይደለም። ጠያቂው የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው፤ ለእሱ ጣና በለስ ማለት እሱ ነው። ስለዚህ «የትኛው?» ሲባል ግራ ይገባዋል። ሦስቱ ከፊቱ ሲቀመጡለት ግን የራሱን ወዲያው ይለያል። ያላዩትን ከማሰብ ያዩትን መምረጥ ይቀላል። የጥያቄ ናዳ የሚያወርድ ባለሙያ የራሱን ሥራ አላዋቂው ጫንቃ ላይ እየጣለ ነው።

«እኛ የምንጠይቀው እንዳንሳሳት ነው» የሚሉ አሉ። ታዲያ ስህተት የሚበዛው የት ነው? ወደ ጣና ዳር ውረዱና እዩት። ከውጭ የመጣ ዘመድ «ነገ በ2 ሰዓት ወደ ዘጌ ጀልባ አለ?» ብሎ መልእክት ይልካል። ለእኛ 2 ሰዓት ጠዋት ነው፤ ለእሱ ሰዓት ግን ከቀኑ 8 ሰዓት ሊሆን ይችላል። የስድስት ሰዓት ልዩነት ነው። «በየትኛው አቆጣጠር ነው? ጠዋት ነው ከሰዓት?» ብለህ ብትጠይቀው «2 ሰዓት አልኩህ እኮ» ይልሃል፤ ሌላ አቆጣጠር መኖሩን ረስቶታልና። «በእኛ 2 ሰዓት፣ ማለትም በናንተ ጠዋት 8 ከሆነ አለ፤ በናንተ ከሰዓት 2 ከሆነ ግን ሐይቁን ነፋስ ስለሚያናውጠው ባለጀልባውን ቀድመን እንጠይቅ» ብትለው ግን በአንድ ዙር ትግባባላችሁ። እሱም ሳያስበው የቆየውን ሁለት ሰዓት ለመጀመሪያ ጊዜ ያያል።

ይህ ዘዴ ግን ገደብ አለው። ትርጉሞቹ ሰባት ስምንት ከሆኑ ዝርዝሩ ራሱ ሌላ ናዳ ይሆናል። ያን ጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠየቅ፤ ያውም ሁለት ቦታ የሚከፍለው። መልሱ ሰው የሚጎዳ ከሆነም አይሠራም። ለሁለት በሽታ የሚታዘዝ መድኃኒት መጠን የተጠየቀ ፋርማሲስት ሁለቱንም መጠን ጽፎ «ምረጥ» አይልም፤ በሽታውን ይጠይቃል።

ከሁሉ የከፋው ግን ተንኮሉ ነው። ዝርዝሩን የሚያወጣው መላሹ ስለሆነ የማይመቸውን ትርጉም መዝለል ይችላል። ከላይ ሦስት ብቻ ቆጠርኩ፤ በዓለም ባንክ ገንዘብ የተካሄደ የጣናና በለስ የተቀናጀ የውሃ ሀብት ልማት የሚባልም ነበር። አንድ ክፍል የሚያስጠይቀው አራተኛው ከሆነና ሦስቱን ብቻ ደርድሮ «ምረጡ» ካለ፣ አላዋቂው የሌለውን መልስ ይመርጣል። «ከእነዚህ ውጭ ከሆነ ይግለጹልን» የምትለው የመጨረሻ መስመር ለጌጥ አይደለችም። ያለ እሷ የሚመጣ ዝርዝር ካያችሁ ጠርጥሩ። ጠያቂውም ምርጫውን አይቶ መልሶ «እኔ የምለው እሱን አይደለም» ካለ፣ ጥፋቱ የዝርዝሩ ነው፤ ሰውየውን «ግልጽ አይደለህም» ማለት ነውር ነው።

ስለዚህ በሕዝብ ግንኙነት ወንበር ለተቀመጣችሁ ሁሉ፦ በሚቀጥለው ጊዜ አሻሚ ጥያቄ ሲደርሳችሁ ዘጠኙን ጥያቄ ለመጻፍ የምታጠፉትን ጊዜ ሦስቱን መልስ ለመጻፍ አውሉት። ሦስቱን መጻፍ ካቃታችሁ ችግሩ የጠያቂው አለመግለጽ አይደለም። የመሥሪያ ቤታችሁን ሥራ አታውቁትም ማለት ነው።