የፅንስን ሄሞግሎቢን መመለስ፦ በእንክብል ወይስ በጂን አርትዖት?

ማጭድ ሴል የሚባለውን የደም በሽታ ይዞ የተወለደ ሕፃን የመጀመሪያዎቹን ወራት አብዛኛውን ጊዜ በጤና ያሳልፋል። እጁና እግሩ እያበጠ በሕመም መጮህ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ስድስት ወር ገደማ ሲሞላው ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 በብሩክሊን የሕፃናት ሐኪም የነበሩት ጃኔት ዋትሰን ይህን አስተውለው፣ ሕፃናቱን የሚጠብቃቸው ከማኅፀን ይዘውት የወጡት ሄሞግሎቢን ሊሆን እንደሚችል ገመቱ። ግምታቸው ትክክል ነበር።

ሄሞግሎቢን ከአራት ሰንሰለቶች የተሠራ ነው። በአዋቂ ደም ሁለቱ አልፋ፣ ሁለቱ ቤታ ናቸው። ፅንስ በቤታ ፈንታ ጋማ አለው። በቀይ የደም ሴል ውስጥ ቢፒጂ የሚባል ትንሽ ሞለኪውል አለ፤ ሥራው ቤታ ሰንሰለቶችን ይዞ ሄሞግሎቢኑ ኦክስጅኑን እንዲለቅ መግፋት ነው። በጋማ ላይ ግን ቢፒጂ የሚይዝበት ቦታ በአንድ አሚኖ አሲድ ስለሚለይ አጥብቆ አይይዝም። ስለዚህ የአዋቂ ሄሞግሎቢን በኦክስጅን በግማሽ ለመሞላት ወደ 27 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ግፊት ሲያስፈልገው፣ ለፅንሱ 19 ገደማ ይበቃዋል። በእንግዴ ልጅ በኩል ከእናቱ ደም ኦክስጅን መውሰድ የሚችለውም በዚህ ብልጫ ነው። ከተወለደ በኋላ የጋማ ጂን ቀስ በቀስ ሥራውን ያቆማል፣ ቤታ ይተካዋል። የማጭድ ሴል ጉድለት ያለው ደግሞ ቤታ ላይ ነው።

ጉድለት ያለበት ሄሞግሎቢን ኦክስጅኑን ሲለቅ እርስ በርሱ እየተጣበቀ ረጅም ዘንግ ይሠራል፤ ሴሉም ይጣመማል፣ ይደርቃል፣ ቀጫጭን የደም ሥሮችን ይዘጋል። የፅንስ ሄሞግሎቢን የሚረዳው ኦክስጅን አጥብቆ ስለሚይዝ ብቻ ይመስል ይሆናል፤ ዋናው ምክንያት ግን እሱ አይደለም። ጋማ ያለበት ሞለኪውል ዘንጉ ውስጥ አይገባም፤ ግማሹ ጋማ፣ ግማሹ የታመመ ቤታ የሆነውም ቢሆን አይገባም። ሄሞግሎቢን ኦክስጅን አጥብቆ እንዲይዝ ተብሎ የተሠራው ቮክሰሎተር የደም ማነስን ቢያሻሽልም የሕመም ጥቃትን በግልጽ አልቀነሰም፤ በ2024 አምራቹ ከገበያ አውጥቶታል።

የጋማን ጂን መልሶ ለማሠራት ዛሬ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው በየቀኑ የሚዋጥ ሃይድሮክሲዩሪያ ነው። በአንጎላ፣ በዴሞክራቲክ ኮንጎ፣ በኬንያና በዩጋንዳ ከ600 በላይ ልጆች ወስደውት ውጤቱ በ2019 ወጣ፤ የሕመም ጥቃት ከግማሽ በታች ወረደ፣ ሞትም ቀነሰ፣ ወባም በግማሽ ገደማ ቀነሰ። ንጽጽሩ ልጆቹ ከሕክምናው በፊት ከነበሩበት ሁኔታ ጋር እንጂ ማስመሰያ መድኃኒት ከወሰዱ ልጆች ጋር እንዳልነበረ መዘንጋት የለበትም። ሃይድሮክሲዩሪያ ነጭ የደም ሴልን ሊቀንስ ስለሚችል በየጊዜው የደም ቆጠራ ያስፈልገዋል።

የእንክብሉ ትልቅ ድክመት ጥበቃው በሴሎች መካከል እኩል አለመዳረሱ ነው። የአንድ ልጅ የፅንስ ሄሞግሎቢን 20 በመቶ ነው እንበል። አንድ ቀይ ሴል 30 ፒኮግራም ያህል ሄሞግሎቢን ቢይዝ፣ እኩል ቢከፋፈል ለእያንዳንዱ 6 ፒኮግራም ይደርሰዋል። ነገር ግን ግማሹ ሴል 12 ይዞ ግማሹ ባዶ ቢሆንም አማካዩ ያው 20 በመቶ ነው። አንድን ሴል በደንብ ለመጠበቅ ወደ 10 ፒኮግራም እንደሚያስፈልግ ይታሰባል። ባዶዎቹ ይጣመማሉ፤ የላቦራቶሪ ወረቀቱ ላይ ያለው አንድ ቁጥር ግን ይህን አያሳይም።

ሁለተኛው መንገድ ካስጌቪ የሚባለው የጂን አርትዖት ነው፤ በ2023 መጨረሻ በብሪታንያና በአሜሪካ ተፈቅዷል። የታማሚው የደም ግንድ ሴሎች ተወስደው፣ ቢሲኤል11ኤ የተባለው ጋማን ዝም የሚያሰኝ ጂን በቀይ ሴል ውስጥ እንዲዳከም ይቆረጣል፤ ከዚያ ሴሎቹ ይመለሳሉ። የፅንስ ሄሞግሎቢን ወደ 40 በመቶ ይደርሳል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በሁሉም ሴሎች ለማለት በሚቻል ደረጃ ይሰራጫል። በቂ ጊዜ ከተከታተሏቸው 30 ታማሚዎች 29ኙ ቢያንስ ለ12 ወር ከባድ ጥቃት አልደረሰባቸውም። ይህ ውጤት እጅግ ትልቅ ነው። ግን ለተመለሱት ሴሎች ቦታ ለመክፈት ቡሰልፋን በተባለ ኬሞቴራፒ መቅኔው ይጠፋል፤ መካንነት ሊያመጣ ይችላል፣ ሆስፒታልም ለሳምንታት ያስተኛል። ዋጋውም በአሜሪካ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ነው። በሽታው በሰፊው ባለባቸው የአፍሪካ አገሮች ይህን ማድረግ የሚችሉ ማዕከሎች በጣም ጥቂት ናቸው።

እኔ ለትንንሽ ልጆች ስመዝን እንክብሉ ይቀድማል። ጉዳት ሳይደርስ መጀመር ይቻላል፣ ካልተስማማም ማቆም ይቻላል፤ የቡሰልፋንን ጉዳት ግን መቀልበስ አይቻልም። አርትዖቱ ሚዛን የሚደፋው፣ የእንክብሉ መጠን እስከሚቻለው ድረስ ከፍ ብሎም ጥቃቱ ላልተወው ታማሚ ነው። እዚህ ላይ ከመቸኮል በፊት አንድ ነገር መታየት አለበት፦ ሃይድሮክሲዩሪያን በትክክል የሚወስድ ሰው ቀይ ሴሎቹ መጠናቸው ይጨምራል፣ ይህም በተራ የደም ቆጠራ ላይ ይታያል። ካልጨመረ፣ መድኃኒቱ አልሠራም ከማለት በፊት ልጁ በእርግጥ እየዋጠው መሆኑን፣ ቤተሰቡም እንክብሉን በየወሩ ማግኘት መቻሉን መጠየቅ ይቀድማል።