ማሽኑ «ሰባት» ሲል ስንት ደቂቃ ማለቱ ነው?



ብርዱ ሲገባ በየጂሙ የምንሮጥ ሐበሾች ቁጥር ይበዛል። ቡና ላይ ስንገናኝ የሚነሣው ክርክር ደግሞ በየዓመቱ ያው ነው። አንዱ «እኔ ሰባት ላይ ነው የምሮጠው» ይላል። በቅርቡ ከአገር ቤት የመጣው «ኪሎ ሜትሩን በስንት ደቂቃ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መላሽ የለም። ሦስተኛው «ተወው፤ የማሽን ሩጫ ሩጫ አይደለም፤ ማሽኑ ራሱ ነው እግርህን የሚወስደው» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። በእኔ አስተያየት የሁለተኛው ሰው ጥያቄ ትክክለኛ ነው፤ መልስም አለው። የሦስተኛው ፍርድ ግን ብዙ ሰው ያለ ጥፋቱ እንዲያፍር አድርጓል።

መጀመሪያ ስሌቱን እንጨርስ። እዚህ አሜሪካ አብዛኞቹ ማሽኖች የሚያሳዩት MPH የሚለውን ነው፤ ይኸውም በሰዓት ስንት ማይል እንደሚኬድ ነው። እኛ የለመድነው ደግሞ አንዱ ኪሎ ሜትር የሚፈጀውን ጊዜ ነው። አንድ ማይል 1.6093 ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ 60 ደቂቃን ለ1.6093 ስናካፍል 37.28 ይመጣል። በቃል መያዝ ያለበት ይህ ቁጥር ብቻ ነው። 37.28ን ማሽኑ ለሚያሳየው ቁጥር ማካፈል ነው። ማሽናችሁ በኪሎ ሜትር (KPH) የሚቆጥር፣ አውሮፓና ዓረብ አገር ያላችሁ ወገኖች፣ በ37.28 ፈንታ 60ን አካፍሉ።

እንግዲህ ሰባት ላይ ለሚሮጠው ሰው 37.28 ÷ 7 = 5.33 ይሆናል። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። 5.33 ማለት 5 ደቂቃ ከ33 ሰከንድ አይደለም። ከነጥቡ በኋላ ያለው የደቂቃ ሲሶ ስለሆነ 20 ሰከንድ ነው፤ መልሱም 5 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ነው።

ሌላም ልብ የማይባል ነገር አለ። ቁጥሩ በአንድ ሲጨምር የሚተርፈው ጊዜ እኩል አይደለም። ከ5 ወደ 6 ስትወጡ ኪሎ ሜትሩ ከ7 ደቂቃ ከ27 ሰከንድ ወደ 6 ደቂቃ ከ13 ሰከንድ ይወርዳል፤ 74 ሰከንድ ተረፈ ማለት ነው። ከ7 ወደ 8 ስትወጡ ግን የሚተርፈው 40 ሰከንድ ብቻ ነው፤ 8 ማለት 4 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ነውና። ትዕግስት አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2023 የበርሊንን ማራቶን በ2:11:53 ስታሸንፍ አንዱን ኪሎ ሜትር በአማካይ በ3 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ተኩል ገደማ ነበር የጨረሰችው። በማሽን ቋንቋ 11.9 ነው። ብዙ የጂም ማሽኖች ደግሞ 12 ላይ ያበቃሉ። እስቲ አንድ ቀን እዚያ ቁጥር ላይ ለግማሽ ደቂቃ ሞክሩትና ንገሩኝ!

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ የማውቀው አንድ ታክሲ ነጂ ወንድማችን ክረምቱን በሙሉ 7.0 ላይ እየሮጠ፣ ማሽኑ 10 ኪሎ ሜትሩን በ53 ደቂቃ ሲቆጥርለት ከረመ። ፀደይ ሲመጣ ለ10 ኪሎ ሜትር የጎዳና ውድድር ተመዘገበ። እንደ ማሽኑ በ5:20 ሂሳብ ጀመረ፤ ስድስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ትንፋሽ አጥሮት በእርምጃ መሄድ ጀመረ፤ በ59 ደቂቃ ገባ። ጓደኞቹ «ማሽኑ ነበር ሲሸከምህ የከረመው» እያሉ ስላሾፉበት ሩጫውን ሊተወው ደርሶ ነበር።

ከጂሙ ሠራተኛ ፈቃድ ጠይቀን ያንኑ ማሽን ለካነው። ሥራው ቀላል ነው። ማሽኑ ጠፍቶ፣ ሶኬቱም ተነቅሎ፣ በሚዞረው ቀበቶ ጠርዝ ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረጋል። ከዚያ ቀበቶው በእጅ ቀስ እየተገፋ፣ ምልክቱ ዞሮ እስኪመለስ ድረስ ሙሉ ርዝመቱ በሜትር ይለካል። የዚህኛው 3.30 ሜትር ሆነ። ቀጥሎ ሶኬቱ ተሰክቶ እሱ 7.0 ላይ ሲሮጥ፣ እኔ ሰዓት ይዤ ምልክቱ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚያልፍ ቆጠርኩ። በ7.0 ፍጥነት ቀበቶው በደቂቃ 188 ሜትር ያህል መሄድ አለበት፤ ለ3.30 ሲካፈል 57 ዙር ነው። እኔ የቆጠርኩት 54 ነበር። 54 ጊዜ 3.30 ደግሞ 178 ሜትር ነው። 1000ን ለ178 ብናካፍል 5.62 ይመጣል፤ ኪሎ ሜትሩ 5 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ ገደማ ነው ማለት ነው። ስለዚህ «53 ደቂቃ» ይባል የነበረው ሩጫ እውነተኛ ዋጋው 56 ደቂቃ ነበር። የቀሩት ሦስት ደቂቃዎች የጠፉት በየኪሎ ሜትሩ ከለመደው በ17 ሰከንድ ፈጥኖ ስለ ጀመረ፣ መንገዱም ዳገት ስለ ነበረበት ነው።

ስትቆጥሩ ሰው ላዩ ላይ እየሮጠ መሆን አለበት። ባዶውን ሲዞር ትክክል የሆነ ማሽን፣ በተለይ ቀበቶው ያረጀና ቅባት ያጣ ከሆነ፣ እግር ባረፈ ቁጥር ሊዘገይ ይችላል። በተቃራኒው ከሚያሳየው በላይ የሚፈጥን ማሽንም አለ፤ ባለቤቱ ግን ያለ ምክንያት ሰነፍኩ እያለ ያዝናል።

«ማሽኑ ይወስድሃል» የሚለው ግን በሳይንሱም አይቆምም። ቀበቶው በአንድ ዓይነት ፍጥነት እስከ ዞረ ድረስ እግር የሚሠራው ሥራ መሬት ላይ ከሚሠራው ብዙም አይለይም፤ እጃችሁን መደገፊያው ላይ ካላሳረፋችሁ በስተቀር። ዋናው ልዩነት አየሩ ነው። ውጭ የሚሮጥ ሰው አየሩን እየገፋ ይሄዳል፤ ማሽን ላይ ያለው ግን ባለበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ጆንስና ዳውስት የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የሠለጠኑ ሯጮችን ኦክስጅን አጠቃቀም ለክተው፣ ማሽኑን አንድ በመቶ ዳገት ማድረግ ከውጭው ድካም ጋር እንደሚያቀራርበው አሳይተዋል። «አንድ በመቶ አድርግ» የሚለው ምክር ከዚያ ወዲህ በየጂሙ ተስፋፋ። ሆኖም አየሩ የሚያስቸግረው ፍጥነት ሲጨምር ነው። 8 ላይና ከዚያ በላይ ለሚሮጥ ሰው አንድ በመቶ ማድረጉ ተገቢ ነው እላለሁ፤ 6 እና 7 ላይ ላለነው ግን ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ፣ ከዳገቱ ቁልፍ በፊት ቀበቶውን መቁጠር ይሻላል። እንዲያውም ነፋስ በሌለበት ክፍል ላቡ ስለማይደርቅ ሰውነት ይሞቃል፤ ልብም በፍጥነት ይመታል። በዝግታ የሚሮጥ ሰው ከውጭው ይልቅ ጂም ውስጥ ቢደክመው የሚያስገርም አይደለም።

ቀበቶ ለመለካት የማይፈቀድላችሁ፣ ሌላ መንገድ አለ። ነፋስና ሙቀት ባልበዛበት ጠዋት፣ 400 ሜትር በሆነ የትምህርት ቤት መሮጫ ሜዳ በውስጠኛው መስመር 12 ዙር ተኩል ሩጡ፤ 5 ኪሎ ሜትር ነው። አጭር ዓረፍተ ነገር እየተናገራችሁ ልትሮጡት የምትችሉት ፍጥነት ይሁን። ለምሳሌ በ28 ደቂቃ ብትጨርሱት ኪሎ ሜትሩ 5:36 ነው። በዚያው ሳምንት ማሽኑ ላይ ወጥታችሁ ያው ትንፋሽ የሚመጣበትን ቁጥር ፈልጉ። በሂሳቡ 6.7 ላይ መሆን ነበረበት። 7.0 ላይ ከመጣ፣ የእናንተ 5:36 በዚያ ማሽን 7.0 ነው፤ ይህንኑ ከነማሽኑ ቦታ በወረቀት ያዙ። አጠገቡ ያለው ማሽን ሌላ ቁጥር ሊሰጣችሁ ይችላል፤ ቀበቶው ሲቀየር ወይም ቅባት ሲደረግለት ደግሞ እንደገና መፈተሽ አለባችሁ።