ፈተናው ሲራዘም

በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ልጅ የነበራችሁ ወላጆች የግንቦት 22ቱን ሰኞ የምትረሱት አይመስለኝም። ብሔራዊ ፈተናው ሊጀመር በታሰበበት ዕለት የእንግሊዝኛው ወረቀት አስቀድሞ በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ተገኘና ፈተናው ተሰረዘ። ልጆቹ የተፈተኑት በሐምሌ ነበር። የ2012ቱ ደግሞ በኮሮና ምክንያት ወደ 2013 ተሻገረ። እኔ ኬሚስትሪ አስተማሪ ሆኜ ሁለቱንም ጊዜ ከተማሪዎቼ ጋር አሳልፌዋለሁ፤ ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ቀን በተቀየረ ቁጥር ስልኬ አያርፍም። የሚደውሉት እናቶች፣ አባቶችና አያቶች ናቸው፤ ጥያቄያቸውም አንድ ነው፤ «አሁን ምን ታድርግ? ያጠናችው እንዳይጠፋባት።»

ቤት ውስጥ መጀመሪያ የሚሰማው ቃል «እንኳን ጊዜ ተጨመረልሽ፣ በርትተሽ አጥኚ» የሚል ነው። ለልጅቱ ግን ጊዜ አልተጨመረላትም። ሩጫውን ጨርሳ ገመዱ ጋ ስትደርስ ገመዱን አርቀው የተከሉባት ያህል ነው። ለፈተናው ሳምንት ብላ እንቅልፍ ቀንሳ፣ በቀን ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ስታነብ ከርማለች። በዚያው ፍጥነት ስድስት ሳምንት ትቀጥል ካልን በሦስተኛው ሳምንት ትወድቃለች።

ባለፈው የእህቴን ልጅ ያገዝኳት እንዲህ ነው። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ናት። ሊፈተኑ አራት ቀን ሲቀር በስድስት ሳምንት መራዘሙ ተነገረ። ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ይዛው የምትሄደው ሻንጣ ሁሉ ተዘጋጅቶ ነበር። መጀመሪያ ሻንጣውን አስፈታኋት። በር ላይ የቆመ ሻንጣ ልጅን «ዛሬ ነገ» እያሰኘ ያውላል።

ከዚያ ሦስት ቀን መጽሐፍ አልተከፈተም። እናቷ በዚህ ተጨነቀች። ዓመቱን ሙሉ ሲማሩት፣ ሲሠሩትና ሲመለሱበት የቆዩት ነገር በሦስት ቀን አይጠፋም። ቶሎ የሚረሳው በመጨረሻው ሳምንት የታጨቀው ነው፤ ቀመር፣ ዝርዝር፣ የስም መዓት። እሱም ቢሆን መጀመሪያ ከተማሩት ባነሰ ጊዜ ይመለሳል።

በአራተኛውና በአምስተኛው ቀን ከቆዩ የፈተና ወረቀቶች በየትምህርቱ ሃያ ሃያ ጥያቄ ሠራች፤ ደብተር ሳታይ። ባዮሎጂ 17፣ እንግሊዝኛ 16፣ አፕቲቲዩድ 15፣ ኬሚስትሪ 14፣ ሒሳብ 11፣ ፊዚክስ 10 አገኘች። ይህን ሳናደርግ ብትጀምር ኖሮ የምትከፍተው ባዮሎጂን ነበር። የደከመ ልጅ የሚወደውንና የሚያውቀውን ማንበብ ይቀለዋል።

ለቀጣዮቹ አራት ሳምንታት ያወጣንላት ፕሮግራም ከሰኞ እስከ ዓርብ በቀን ሦስት ጊዜ፣ እያንዳንዱ ሃምሳ ደቂቃ ነው። በሳምንት አሥራ አምስት ክፍለ ጊዜ ይሆናል። አራቱ ለፊዚክስ፣ አራቱ ለሒሳብ፣ ሁለቱ ለኬሚስትሪ፣ ለቀሩት ሦስት ትምህርቶች ደግሞ አንድ አንድ። ሁለት ይተርፋሉ፤ እነሱ የተሳሳተቻቸውን ጥያቄዎች ለጻፈችበት ደብተር ናቸው። ቅዳሜ ግማሽ ቀን በሰዓት ተለክቶ የአንድ ትምህርት ሙሉ ፈተና፣ እሑድ ምንም። ባዮሎጂ በሳምንት አንዴ ብቻ መሆኑ ብዙ ወላጅ ያስደነግጣል። ግን ፈተናው ወር ተኩል ገደማ ሲቀረው የሚታወቅን ነገር በየሳምንቱ መንካት ይበቃል፤ በየቀኑ መደጋገሙ የሚጨምረው ትንሽ ነው።

በእነዚያ ሃምሳ ደቂቃዎች ውስጥ የሚሠራው ማንበብ አይደለም። እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ቤተሰብ በብዛት የማይቀበለኝ ይህን ነው። በ2006 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ የተሻለ አስታወሱ። ከሳምንት በኋላ ግን በለጧቸው፤ የበለጧቸውም አንዴ አንብበው ከዚያ ወረቀቱን ሳያዩ የሚያስታውሱትን ደጋግመው የጻፉት ናቸው። ደጋግሞ ያነበበ ልጅ ገጹ ስለለመደው ያወቀው ይመስለዋል። አጎንብሶ ሰዓታት የሚያነብ ልጅ ለወላጅ ዓይን ደስ ይላል፤ ደብተሩን ዘግቶ ጣሪያ የሚያየው ግን ሥራ ላይ ሊሆን ይችላል።

አያት ሊያግዙ የሚችሉትም እዚህ ላይ ነው። የእህቴ ልጅ ጥያቄዎቿን በትንንሽ ወረቀት ላይ ጽፋ፣ መልሱን ከጀርባው አድርጋ ለአያቷ ሰጠቻቸው። አያቷ ኬሚስትሪ አልተማሩም፤ ማንበብ ግን ይችላሉ። «0.01 ሞላር የሆነ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ፒኤች ስንት ነው?» ይላሉ። «ሁለት» ስትል ዝም ብለው አያልፏትም፤ «ለምን?» ይሏታል። ጠንካራ አሲድ ስለሆነ ውኃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ እንደሚበተን፣ ከዚያም ቁጥሩ እንዴት ሁለት እንደሚመጣ ማስረዳት አለባት። ማስረዳት ካልቻለች ወረቀቱ ለነገ ይቀመጣል። ከመለሰች ከአራት ቀን በኋላ፣ ያን ጊዜም ከመለሰች ከሳምንት በኋላ ይጠየቃል። አያት ሦስት ፖስታ ነበሯቸው። እናቷ «እማዬ ከእኔ በላይ አስተማሪ ሆነች» ስትል ሰምቻለሁ።

ድካሙ ከልክ ማለፉን በምን እናውቃለን? ሰዓቱ እየጨመረ ውጤቱ ሲወርድ ነው። የቅዳሜው ፈተና ሁለት ሳምንት በተከታታይ ቢቀንስና ስህተቶቹ ቀድሞ የምታውቃቸው ነገሮች ላይ ቢሆኑ፣ መፍትሔው ጥናት መጨመር አይደለም። እንቅልፍ እምቢ ማለት፣ በትንሽ ነገር ማልቀስ፣ አንድ ገጽ ላይ ግማሽ ሰዓት መቀመጥ አብረው ይመጣሉ። ያን ጊዜ ሁለት ቀን ሙሉ ያርፉ፣ ከዚያ በሁለት ክፍለ ጊዜ ይመለሱ። እረፍቱም ካልመለሳት፣ ምግብም ካስጠላት፣ ሐኪም ማየት ይገባል።

ቀኑን መጠየቅም ያደክማል። ጎረቤቱ፣ አክስቱ፣ ቴሌግራሙ፣ ሁሉም «ታወቀ?» ይላል። እነሱ ቤት ማስታወቂያውን የሚከታተለው አባት ብቻ እንዲሆን ተስማማን፤ እሱም ማታ አንዴ ብቻ ያያል። የቴሌግራሙን ቡድን ልጅቱ ራሷ ዘጋችው።

አንድ ነገር ደግሞ አስቀምጠን ነበር። ያልነካቻቸው የአራት ዓመት ፈተናዎች ነበሯት፤ የሁለቱን ዓመት እናቷ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችባቸው። ልጆች በጭንቀት ወረቀቱን ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት ይጨርሱትና ኋላ ራሳቸውን የሚለኩበት አዲስ ጥያቄ ያጣሉ። የተቆለፉት የወጡት በመጨረሻዎቹ ዘጠኝ ቀናት ነው። በእነዚያ ቀናት ጥናቱ ወደ አምስት ሰዓት አደገ፣ መነሻው እንደ ፈተናው ጠዋት ሆነ፣ መኝታም ከምሽቱ አራት ሰዓት አላለፈም። ፊዚክስ ከሃያ 10 የነበረው ወደ 14 ደርሷል፤ ባዮሎጂ እዚያው 17 ላይ ነው።

«ላልተወሰነ ጊዜ» ከተባለስ? እንደ 2012ቱ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ያን ጊዜ ያው የአሥራ አምስት ክፍለ ጊዜ ሳምንት ይደጋገማል፤ በየአራተኛው ሳምንት ሃያ ሃያው ጥያቄ እንደገና ተሠርቶ ክፍፍሉ ይስተካከላል። ቁም ሣጥኑ ግን ቀኑ እስኪነገር አይከፈትም። ዘጠኙ ቀን የሚቆጠረው ከፈተናው ዕለት ወደ ኋላ ነው፤ ማስታወቂያው ከዚያ ባነሰ ጊዜ ቢመጣ የተገኘው ቀን ይበቃል፤ አንዱን ዓመት ብቻ አውጡላት።