ሱቆቹ አንዴ ገዝተው ለምን ይጠፋሉ?

«ፈሳሽ ሳሙና ለሱቆች አከፋፍላለሁ። ሦስት ሻጮች አሉኝ። አዲስ ሱቅ ላመጣልኝ ከመጀመሪያው ግዢ 5 በመቶ ኮሚሽን እሰጣለሁ። አዲስ ሱቅ ሞልቷል፤ ተመልሶ የሚገዛኝ ግን የለም። ምን ይሻለኛል?»

ወንድማችን፣ ሳሙናው አረፋ የሚያወጣ ከሆነ ጥፋቱ ከኮሚሽኑ ነው። 10 ሺህ ብር የገዛ ሱቅ ለሻጩ 500 ብር ያስገኝለታል። ሁለተኛ ቢሄድ ግን የታክሲ እንኳ አያገኝም። ታዲያ ምን ሊያደርግ ይመለስ?

ለመጀመሪያው ግዢ 2 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ለሚገዛው ሁሉ 3 በመቶ ክፈል። ያው ሱቅ በየወሩ 10 ሺህ ብር ቢገዛ፣ ሻጩ መጀመሪያ 200፣ ከዚያ በየወሩ 300፣ በስድስት ወር 1,700 ብር ያገኛል። አንተም ከ60 ሺህ ብር ሽያጭ 3 በመቶ አልሞላብህም።

ብልጣ ብልጡ ግን የመጀመሪያውን ግዢ ለሁለት ከፍሎ ግማሹን «ድጋሚ ነው» ይልሃል። ስለዚህ በ15 ቀን ውስጥ የተገዛውን እንደ አንድ ቁጠረው። ኮሚሽኑንም ብሩ እጅህ ሲገባ እንጂ ዱቤ ሲጻፍ አትክፈል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ገቢያቸው ይቀንሳል። የጠፉትን ሱቆች አሁኑኑ ለሦስቱ አከፋፍልና ከነሱም 3 በመቶ ይብሉ፤ አለዚያ ጥለውህ ይሄዳሉ።