የውርስ ገንዘብና አርባ ቀን

ተስካሩ ሳይወጣ «አብረን ሱቅ እንክፈት» የሚል ወዳጅ በናይሮቢው ማኅበረሰባችን አይጠፋም። ክፋት ኖሮት አይደለም፤ ኀዘንተኛ ግን እምቢ ማለት ይከብደዋል። ስለዚህ የውርስ ገንዘብ ኀዘኑ እስኪበርድ ጥቂት ወራት ቢቆይ እንመርጣለን። የ91 ቀን የመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ ለዚህ ይመቻል፤ ጊዜው ሳይደርስ ማውጣት ስለሚያስቀጣ፣ እምቢታውን እሱ ይችልልናል።

ዕዳ ግን 91 ቀን አይጠብቅም። የሟቹ ዕዳ ከክፍፍሉ በፊት ይከፈላል፤ ቀጥሎ የወራሹ። 600,000 ሺሊንግ ደረሰን፣ በወር 3 በመቶ የሚወለድበት የ150,000 ብድርም አለብን እንበል። ወለዱ ብቻ በዓመት 54,000 ነው። ያንኑ 150,000 በዓመት 10 በመቶ በሚከፍል ቦታ ብናስቀምጠው 15,000 ብቻ ያስገኝልናል። ስለዚህ ብድሩ ይዘጋ።

ከቀረው 450,000 ላይ 150,000 ለትምህርት ቤት ክፍያና ለአስቤዛ ይለይ (የርእሰ መምህር አድልዎ በሉት)። 300,000ው ሰነዱ ላይ ይቆይና ጊዜው ሲደርስ በየወሩ 25,000 እየሆነ ወደ ቁጠባ ማኅበር ወይም ወደ አክሲዮን ይግባ። በሦስተኛው ወር ምርጫችን እንደማያዋጣ ብናይ የገባው 75,000 ብቻ ነው፤ 225,000 ገና በእጃችን አለ።